ፒኤች 4.9 ሲሆን መጀመሪያ ምን ይገዛል? የአፈር ምርመራ ወረቀትን እያነበቡ ማዳበሪያ ማስላት

ጥያቄ፦ «ሰላም። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አባቴ የሚያርሱት 4 ጥማድ ቀይ መሬት አለ፤ ተለክቶ ልክ 1 ሄክታር ነው። አምና ዳጉሳ ነበር፣ ዘንድሮ ዲቃላ በቆሎ ነው የምንዘራው። አፈሩን አስመርምሬ ወረቀቱ መጣ ግን ምንም አልገባኝም። ፒኤች (በውሃ) 4.9፣ ተለዋጭ አሲድ 2.0፣ ኦርጋኒክ ካርቦን 1.9%፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.16%፣ ፎስፈረስ (ኦልሰን) 6 ፒፒኤም፣ ካልሲየም 3.6፣ ማግኒዥየም 1.3፣ ፖታሲየም 0.6፣ ሲኢሲ 22። የቀበሌው ባለሙያ 2 ኩንታል ኤንፒኤስ እና 2 ኩንታል ዩሪያ ይላሉ፣ ጎረቤት ደግሞ ዩሪያውን ጨምሩበት ይላል። ማንን ልስማ? ምን ያህል ልግዛ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። መልሱን በአጭሩ ላስቀድምልህ፦ መጀመሪያ ኖራ፣ ወደ 30 ኩንታል። ከዚያ 1 ኩንታል ተኩል ኤንፒኤስ፣ 2 ኩንታል ዩሪያ። ባለሙያው ዩሪያው ላይ ልክ ናቸው፣ ኤንፒኤሱ ላይ ግን ትንሽ ያበዙ ይመስለኛል። እሳቸው የነገሩህ ለአካባቢው በሙሉ የሚሰጠውን ነው፣ ያንተን ወረቀት አይተው አይመስለኝም። ጎረቤትህን ግን ተወው። በዚህ መሬት ላይ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን መሬቱን ይበልጥ ማኮምጠጥ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ካወቅህ በሚቀጥለው ዓመት ማንንም ሳትጠይቅ ራስህ ታሰላለህ፣ ስለዚህ በዝርዝር ልሂድበት።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ራሱ ይታመናል ወይ? ላብራቶሪም ይሳሳታል፣ አፈር የሚሰበስበውም ሰው ይሳሳታል። እኔ ወረቀት ሲመጣልኝ ማዳበሪያ ከማስላቴ በፊት ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ አያለሁ። ያንተ ካርቦን 1.9 ለናይትሮጅን 0.16 ሲካፈል 12 ገደማ ይመጣል። በእርሻ አፈር ላይ ከ10 እስከ 14 ያለው የተለመደ ነው። 4 ወይም 30 ቢመጣ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፣ ድገሙልኝ በል እልህ ነበር። ፒኤች 4.9 ሆኖ ተለዋጭ አሲድ፣ ማለትም አፈሩ ላይ ተጣብቆ ያለው አሲድና አሉሚኒየም፣ 2.0 መሆኑም አብሮ ይሄዳል። ፒኤች 6 ተጽፎ ተለዋጭ አሲድ 2 ቢባል ናሙና ተቀያይሯል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ፒኤች ከ5.5 በላይ ሲሆን ተለዋጭ አሲዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ሌላው ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ነው። ከጓሮ፣ ከድሮ ቤት ፍራሽ ወይም ፍግ ከሚከመርበት አካባቢ የተወሰደ አፈር ፎስፈረሱ ያለ ልክ ከፍ ይላል፤ አመዱና እበቱ ነው። ያንተ 6 ስለሆነ እዚያ ወጥመድ ውስጥ አልገባህም። ለሚቀጥለው ግን በማሳው ውስጥ ዚግዛግ እየሄድክ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት እየቆፈርክ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለህ፣ ከዚያ ላይ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ብቻ ይዘህ ሂድ። ባልዲው ማዳበሪያ ተይዞበት የነበረ እንዳይሆን። ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ፒኤቹ።

ወረቀትህ ላይ «በውሃ» መባሉ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ላብራቶሪ በፖታሲየም ክሎራይድ ይለካና ቁጥሩ ከውሃው ግማሽ ወይም አንድ ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል። የአንዱን በሌላው መስፈርት ካነበብክ ደህናውን መሬት ኮምጣጣ ታደርገዋለህ። 4.9 በውሃ ግን ያለ ጥርጥር ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ሲሆን ጉዳቱ ከአሲዱ ራሱ ይልቅ ከአሉሚኒየም ይመጣል፦ አሉሚኒየም ከአፈሩ ማዕድን ይሟሟና ሥሩን ጫፍ ጫፉን ያጠፋዋል። አንድ የበቆሎ ችግኝ ነቅለህ ሥሩን አጥበህ ብታየው አጭር፣ ወፍራም፣ ቅርንጫፍ የሌለው ሆኖ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያለ ሥር የምታበላውን ማዳበሪያ ሁሉ ፈልጎ ማግኘት አይችልም። ሁለተኛው ጉዳት ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ አፈር ውስጥ አለ ግን ተክሉ አያገኘውም።

ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ ግን ፒኤቹ አይነግርህም። የሚነግርህ «ተለዋጭ አሲድ» የሚለው መስመር ነው። መጀመሪያ የኖራ ጉዳይ ለበቆሎ አሳሳቢ ነው ወይ የሚለውን እንይ። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሲየምና ተለዋጭ አሲዱን ደምር፦ 3.6 እና 1.3 እና 0.6 እና 2.0 ሲደመር 7.5 ነው። ሶዲየም በዚህ አፈር እዚህ ግባ ስለማይባል ተወው። ከ7.5 ውስጥ 2.0 አሲድ ነው፣ 27 በመቶ ገደማ። በቆሎ 20 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ መቸገር ይጀምራል። ጤፍና ድንች ከዚህ የተሻለ ይችላሉ፣ ገብስና ባቄላ ግን ቀድመው ይወድቃሉ። ስለዚህ ያንተ ማሳ ለበቆሎ ከመስመሩ አልፏል። (ሲኢሲ፣ ማለትም አፈሩ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የመያዝ አቅሙ፣ 22 ተብሎ ድምሩ 7.5 መሆኑ አያስደንግጥህ። ሲኢሲ የሚለካው ፒኤቹ 7 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ኮምጣጣ አፈር ላይ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያብጣል።)

አሁን ስሌቱ። የምታክመው የላይኛውን 15 ሴንቲሜትር አፈር ነው እንበል፣ የአፈሩ ጥግግት ደግሞ 1.2፣ ለቀይ አፈር የተለመደ። የ1 ሄክታር አፈር ክብደት 1800 ቶን ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ተለዋጭ አሲዱ የተለካው በሴንቲሞል ነው፤ በዚህ አፈር ላይ እያንዳንዱን 1 ሴንቲሞል አሲድ ለማክሸፍ 9 ኩንታል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይፈልጋል። ይቺን 9 ቁጥር ያዛት፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳም ችግር የለውም። ያንተ 2.0 ስለሆነ 18 ኩንታል። ነገር ግን ሜዳ ላይ ኖራ እንደ ላብራቶሪው ሙሉ በሙሉ አይሠራም፣ ድብልቁም እኩል አይሆንም፤ ስለዚህ በ1.5 ይባዛል፣ 27 ኩንታል። ኖራው ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ንጽሕናው 90 በመቶ ከሆነ 27 ለ0.9 ሲካፈል 30 ኩንታል። በጥማድ 7 ኩንታል ተኩል ማለት ነው።

ኖራ ስትገዛ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ንጽሕናው ስንት ነው፣ ድቀቱስ። እንደ ዱቄት ያልደቀቀ ኖራ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቀራል፣ አንተ ግን የዘንድሮ ምርት ነው የምትጠብቀው። በጣትህ ስታሸው እንደ አሸዋ የሚኮረኩርህ ከሆነ አትውሰደው። ሦስተኛም ልጨምርልህ፦ ለግንባታ የሚሸጠውን የተቃጠለ ኖራ ከግብርና ኖራ ጋር አታምታታው። የግንባታው ከዚህ የጠነከረ ነው፣ በተመሳሳይ መጠን ብትበትነው ከልክ በላይ ይሆናል፣ ቆዳና ዓይንም ያቃጥላል። የምትፈልገው ተፈጭቶ ብቻ የመጣውን የኖራ ድንጋይ ነው።

አባትህ ኖራውን ቢያንስ ከዘሩ አንድ ወር ቀድመው ይበትኑትና በበሬ ደጋግመው ያርሱበት። በላይ ላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ አልሠራም ማለት ነው። ኖራ አፈር ውስጥ ቦታ አይቀይርም፣ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው። የበልግ ጠብታ ካገኘህ በኋላ በሚያዝያ ብትበትነው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ደረቅ አፈር ውስጥ ምንም አይሆንም። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትበትነው፤ ኖራው ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ጋዝ ቀይሮ ያባርረዋል፣ ሽታውንም ትሰማዋለህ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፣ በደንብ ከተደባለቀ ውጤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል።

ወደ ፎስፈረስ።

6 ፒፒኤም ብቻውን ምንም አይናገርም። የተለካበት ዘዴ «ኦልሰን» መባሉ ነው ትርጉም የሚሰጠው። በኦልሰን ከ5 በታች በጣም ዝቅተኛ፣ ከ5 እስከ 10 ዝቅተኛ ነው፣ ያንተ ዝቅተኛው ላይ ነው። ሌላ ላብራቶሪ በሜህሊክ-3 ቢለካው ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፣ መስፈርቱም ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ካርታ ሲሠራ በሜህሊክ-3 ነበር የሄደው፣ እዚያ ከ30 በታች ያለው ሁሉ ፎስፈረስ ይፈልጋል ይባላል። ስለዚህ በሜህሊክ-3 15 ያገኘ ሰው «ከ10 በላይ ነኝ» ብሎ ቢኮራ ተሸውዷል። ዘዴው ካልተጻፈ ደውለህ ጠይቅ።

የሚጨመረው መጠን የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ሰብሉ የሚረካበት መነሻ ቁጥር አለ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው አለ፣ ልዩነታቸው በአንድ ማባዣ ይባዛል። ማባዣው አፈሩ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ በ1 ፒፒኤም ከፍ ለማድረግ ስንት ኪሎ ፎስፈረስ በሄክታር እንደሚያስፈልግ የሚለካ ቁጥር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በየአካባቢው በመስክ ሙከራ የሚገኙ ናቸው፣ አፈሩ ፎስፈረስን በያዘ ቁጥር ማባዣው ይጨምራል። ለእናንተ አካባቢ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከልን ወይም ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን «ለበቆሎ የፎስፈረስ ወሳኝ ነጥቡና የማባዣ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሌላ አትጠይቅ፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ካገኘህ ይበቃሃል።

ለምሳሌ እንዲሆን ወሳኙ 11፣ ማባዣው 5 ነው እንበል። ከ11 ላይ 6 ሲቀነስ 5፣ በ5 ሲባዛ 25 ኪሎ ፎስፈረስ በሄክታር። አሁን ወጥመዱ እዚህ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የፎስፈረስ አይደለም፣ የP₂O₅ ነው። ኤንፒኤስ 19-38-0 ሲባል 38ቱ P₂O₅ ነው። ፎስፈረሱን ወደዚያ ለመቀየር በ2.29 አባዛው፣ 25 ኪሎው 57 ኪሎ ይሆናል። 57 ለ0.38 ሲካፈል 150 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ተኩል ኤንፒኤስ። ይህን ማባዣ የረሳ ሰው 66 ኪሎ ገዝቶ ይመለሳል፣ ከዚያ «ማዳበሪያው አይሠራም» ይላል። ባለሙያው ያሉህ 2 ኩንታል የሚመጣው ወሳኙ ወይም ማባዣው ከፍ ሲል ነው፤ ከአዴት የምታገኘው ቁጥር ከእኔ ምሳሌ ከበለጠ እሳቸው ልክ ይሆናሉ፣ እኔን ተወኝ።

ኖራ ከጨመርክ ደግሞ የተያዘው ፎስፈረስ ትንሽ ይለቀቃል። ለዚህ ብለህ ግን ዘንድሮ ኤንፒኤስ አትቀንስ። በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያኔ ቀንስ።

ናይትሮጅን ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። 0.16 በመቶ የሚል ቁጥር አለህ፣ እና ሰው «ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ ዩሪያ ጨምር» ይላል። እስቲ እናስላው፦ 1800 ቶን አፈር 0.16 በመቶው 2880 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ለበቆሎ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል! ታዲያ ለምን ይቸገራል? ምክንያቱም ይህ ሁሉ በብስባሽ ውስጥ የታሰረ ነው፣ በዓመት የሚለቀቀው ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። የሚለቀቀውም ክረምት ላይ ነው፣ እናንተ ጋ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ከፊሉ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠቅላላ ናይትሮጅን የአፈሩን ጤና ያሳየኛል እንጂ የዩሪያ መጠን አልወስንበትም። ዩሪያ የሚወሰነው በምትጠብቀው ምርት ነው።

ዲቃላ በቆሎ በጥሩ አያያዝ በሄክታር 60 ኩንታል ትጠብቃለህ እንበል። አንድ ኩንታል እህል ከነአገዳው ወደ 2 ኪሎ ናይትሮጅን ይወስዳል። 60 በ2፣ 120 ኪሎ። አፈሩ የተወሰነ ይሰጣል፣ የምትጨምረው ዩሪያ ደግሞ የተወሰነ ይጠፋል፣ ሁለቱ በግምት ይቻቻሉ። ስለዚህ 120 ኪሎ እንያዝ። ከዚህ ላይ ኤንፒኤሱ የሰጠህን ቀንስ፣ ይሄ ሁልጊዜ የሚረሳ ነው፦ 150 ኪሎ ኤንፒኤስ 19 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ 28.5 ኪሎ። የሚቀረው 91.5 ኪሎ። ዩሪያ 46 በመቶ ስለሆነ 91.5 ለ0.46፣ 199 ኪሎ። 2 ኩንታል፣ 4 ከረጢት። በጥማድ 1 ከረጢት ይደርሳል፣ ለመቁጠርም ይመቻል።

አምና ማሳው ላይ ባቄላ ወይም አተር ቢሆን፣ ወይም ብዙ ፍግ ቢበተን፣ ከ120ው ላይ ትቀንስ ነበር። ዳጉሳ ግን ምንም አይተውልህም። የምትጠብቀው 40 ኩንታል ከሆነ ደግሞ 80 ኪሎ ላይ ቁም፤ አባትህ ከዚህ መሬት በደህና ዓመት ስንት ኩንታል እንደሚያፍሱ ጠይቃቸው፣ ከዚያ ትንሽ ጨምረህ አስብ። በምኞት አይሰላም።

ጎረቤትህ የሚለውን ተወው ያልኩህ በዚህ ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል። 1 ኪሎ ናይትሮጅን ከዩሪያ የሚፈጥረውን አሲድ ለማክሸፍ 1.8 ኪሎ ያህል ኖራ ያስፈልጋል። የ2 ኩንታሉ ዩሪያ በዓመት ከ1 ኩንታል ተኩል በላይ ኖራ ይበላል ማለት ነው። አሉሚኒየም ሥሩን እየቆረጠው ዩሪያ ብትጨምር ቅጠሉ ይጠቁርና ያማልልሃል፣ ነገር ግን ዛላው ላይ ልዩነት አታይም፣ መሬቱም በየዓመቱ ወደ ታች ይሄዳል።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ፖታሲየም 0.6 ለበቆሎ በቂ ነው፣ ከ0.2 ወይም 0.3 በታች ሲወርድ ነው የምንጨነቀው። አገዳውን በሙሉ ለከብትና ለማገዶ የምታወጡ ከሆነ ግን ፖታሲየሙ በየዓመቱ አብሮ ስለሚወጣ በሚቀጥለው ምርመራ ተከታተለው። ድኝ ወረቀቱ ላይ የለም፣ ግን ኤንፒኤሱ 7 በመቶ ስላለው 10 ኪሎ ገደማ ይሰጥሃል፣ ይበቃል። ዩኒየኑ ኤንፒኤስ ሳይሆን ኤንፒኤስቢ ካመጣ ስሌቱን አትቀይር፤ 18.9 ናይትሮጅን፣ 37.7 P₂O₅ ነው፣ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለችው 0.1 በመቶ ቦሮን ናት። ቦሮን አነሰ ተብሎ ተጨማሪ ቦሮን ለብቻው መርጨት ግን አታስብ፤ በጥቂት ከመጠን ካለፈ መርዝ ይሆናል።

አሁን ወረቀቱን ወደ ማሳው እንውሰደው። በ75 ሴንቲሜትር መስመር ከዘራችሁ 1 ሄክታር ላይ 13333 ሜትር መስመር አለ። 150 ኪሎ ኤንፒኤስ ለዚህ ሲከፈል በአንድ ሜትር 11 ግራም ይደርሳል። ይህን በእጅ ማወቅ የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው። አንድ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ውሰድ፣ ኤንፒኤስ ሞልተህ 50 ጊዜ ወደ ፌስታል ገልብጥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ለ50 አካፍል። አንድ ክዳን ስንት ግራም እንደሚይዝ ታውቃለህ፣ ከዚያ ለአንድ ሜትር ስንት ክዳን እንደሆነ አባትህ አይረሱትም። ማዳበሪያ የሚበትነውን ሠራተኛ «በትንሹ ቆንጥር» ካልከው ሁልጊዜ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ያበዛል፣ ማሳው ሳያልቅ ማዳበሪያው ያልቃል።

ኤንፒኤሱ በዘር ጊዜ ነው የሚገባው፣ ከዘሩ ጎንና ትንሽ ወደ ታች፣ በመሃል አፈር ይኑር። ዘሩን ቢነካው በተለይ ዝናቡ ቆም ካለ ብቅለቱን ያቃጥለዋል። ዩሪያውን ለሁለት ክፈለው፦ ግማሹን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከኩትኳቶው በኋላ፤ ግማሹን አበባው ከመውጣቱ በፊት። በአንድ ጊዜ ከሰጠኸው የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ወስዶ ለጎረቤት ወንዝ ያበላዋል። በ30 ሴንቲሜትር የተዘራ ከሆነ በሄክታር 44 ሺህ ያህል ተክል አለ፣ በአንድ ዙር ለአንድ ተክል 2 ግራም ከሩብ ይደርሰዋል፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ ብለህ አድርገው፣ አፈር አልብሰው። ላዩ ላይ የተተወ ዩሪያ ከላይ ፀሐይ ሲመታው ግማሹን ሳይቀር ጋዝ ሆኖ ሊሄድ ይችላል።

የገንዘቡ ጉዳይ ይኖራል፣ አውቃለሁ። 30 ኩንታል ኖራ ከነትራንስፖርቱ ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ካልበቃ የቻልከውን ያህል ገዝተህ በ4ቱም ጥማድ ስስ አድርገህ አትበትነው። ሁለት ጥማድ መርጠህ ሙሉውን 15 ኩንታል ስጠው፣ የሌላውን በሚቀጥለው ዓመት አድርግ። ያልታከመው ግማሽ ላይ ኤንፒኤሱን በመስመር አጥብቀህ አስገባ፣ አትበትነው፤ በኮምጣጣ መሬት የተበተነ ፎስፈረስ በቶሎ ይታሰራል። ዩሪያውን ደግሞ እዚያኛው ግማሽ ላይ ቀንሰው፣ ለምሳሌ ለ80 ኪሎ ናይትሮጅን አስላ፤ ሥሩ ያልተፈታ ሰብል 120 አይጨርስም።

አንድ ነገር ግን አትርሳ፣ ከማሳው መሃል 10 በ10 ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ኖራ አታድርግ። በችካል አጥረው። በቆሎው 5 ወይም 6 ቅጠል ሲያወጣ አንድ ከዚያ፣ አንድ ከታከመው ነቅለህ ሥራቸውን አጥበህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ችግኝ ላይ የታችኛው ቅጠል ወይን ጠጅ እየሆነ ከሄደ የፎስፈረስ ጉድለት ነው። ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ተነስቶ በመሃል አጥንቱ ላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ቢጫ ካየህ ናይትሮጅን ነው፣ ሁለተኛውን ዩሪያ ፈጠን አድርግ። ሁለቱም ሳይኖሩ ችግኙ አጥሮ ከቀረ ግን ሥሩን እይ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ኖራው አልተደባለቀም ወይም አልደቀቀም፣ ማዳበሪያ ጨምረህ አታስተካክለውም።

ከአዴት የበቆሎውን ቁጥር ስታገኝ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እንደገና እናሰላዋለን። አባትህ ግን ሐሳባቸውን ቀይረው ጤፍ ከዘሩ ይሄ ስሌት አይሠራም፤ ጤፍ በ120 ኪሎ ናይትሮጅን ይተኛል፣ ከ60 አካባቢ ነው የምንጀምረው፣ የፎስፈረሱም ወሳኝ ነጥብ ሌላ ነው።